የዘመናይን ዓይን ማን አጠፋው?

ዘመናይ ዓይኗ እየከዳት መሆኑን መጀመሪያ የነገራት ሐኪም ሳይሆን የሰው ቀሚስ ነው። በፈረንጆቹ 2005፣ የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ፣ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ለአንዲት ሙሽራ የጠለፈችውን ቀሚስ አስረከበች። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ዘርግታ አየችው። ቀና ብላም፣ «እመቤት፣ መስቀሉን አረንጓዴ አድርጊው አላልኩሽም? ይኼ እኮ ቀይ ነው» አለቻት።

«አረንጓዴ ነው» አለች ዘመናይ።

«እኔን ልታሳምኚኝ ነው? ቀይና አረንጓዴ የማልለይ ሆንኩ?»

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ዘመናይ ሁለቱን ክሮች ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አመድ የመሰለ፣ ደብዛዛ ቡኒ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ ጎንደር፣ ኋላም ሞያሌን ተሻግራ ናይሮቢ፣ እንጀራዋ ይኼው ክር ነበር። ቀለም ተሳስታ አታውቅም። የመርፌው ቀዳዳ አሁንም ይታያታል፤ የጠፋት ቀለሙ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ስድስተኛ ወሯን የቲቢ መድኃኒት እየዋጠች ነበር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ ነገር ግን እዚያ ሰልፍ ላይ የታየች ሐበሻ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አታገኝም። ስለዚህ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ድረስ ማታቱ በሚሉት የከተማው ሚኒባስ እየሄደች፣ የሚያውቃት በሌለበት የግል ክሊኒክ ታከመች። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር፤ «ፖሌ ማማ፣ ትድኛለሽ» ብሏታል፤ «ፖሌ» በስዋሂሊ አይዞሽ እንደማለት ነው። ሚዛን ላይ ግን አላወጣትም። በካርዷ ላይ ክብደት የሚሞላበት ቦታ ላይ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ተብሎ ተጻፈ። ዘመናይ አርባ አንድ ኪሎ ነበረች። መድኃኒቱ ደግሞ በክብደት ነው የሚታዘዘው፤ ኤታምቡቶል ከሚባለው ክኒን ለእሷ ሁለት በቂ ሲሆን ሦስት ሦስት ታዘዘላት። ይኼ ክኒን ሲበዛ የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ መጀመሪያ የሚወስደውም ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችሎታ እንደሆነ ያን ጊዜ የነገራት የለም።

ቀለም መለየት አቃተኝ ብላ ክሊኒኩ ስልክ ደወለች። ነርሷ፣ «መድኃኒቱን እንዳታቆሚ፤ ካቆምሽ በሽታው ተመልሶ ይመጣል» ብላ ዘጋች። ዘመናይም ታዛዥ ናትና አላቆመችም። ለፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ስትሄድ ጧፉን የያዘላት ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ለእሷ ወፍራም ጉም ሆነ፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ የሚለይበት ጉም። የከተማው ትልቁ ሆስፒታል ሲመዝናት፣ ካርዱን ሲያይና ክኒኑን ሲያስቆማት ጊዜው አልፎ ነበር።

ለክስ ያነሣሣት መኳንንት ነው። መኳንንት በፍርድ ቤትና በስደተኞች ቢሮ አማርኛ እያስተረጎመ የሚኖር፣ ሕግ ያልተማረ ግን ሕግ ሲነገር እየሰማ የኖረ ሰው ነው። «ሌላው ቢቀር ተጠያቂው ይታወቅ» አላት። ዘመናይን የሳባት ይህችው ቃል ናት። ካሣውማ ቢመጣ ደግ ነበር። የምትፈልገው ግን አንድ ሰው በአደባባይ ወደዚያ ክሊኒክ ጣቱን ቀስሮ «ዓይኗን ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ» ሲል መስማት ነው። በየሌሊቱ የምታልመው ይኼንኑ ነበር።

ጠበቃቸው ሙቲንዳ የምትባል የካምባ ብሔረሰብ ተወላጅ ኬንያዊት ናት፤ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ስታስብ እስክሪብቶ የምታንኳኳ ሴት። በመኳንንት አፍ ነገሩን እንዲህ አድርጋ አስረዳቻት።

«የክሊኒኩን ጥፋት ማስረዳት ቀላል ነው፤ ካርዱ ራሱ ይመሰክራል። አንቺም ዓይንሽ መጥፋቱ ይታያል። የሚከብደው መሀል ያለው ነው። ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ‹ክሊኒኩ ባያጠፋ ኖሮ ይህች ሴት ዛሬ ታይ ነበር ወይ?› መልሱ ‹አዎ› ከሆነ አሸነፍን። ‹ቢመዝናትም ባይመዝናትም ዓይኗ ይጠፋ ነበር› ከሆነ ግን፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቸልተኛ ይሁን፣ ዕዳ የለበትም።»

«እንዲህ ያለ ሕግ አለ?» አለች ዘመናይ።

«እንዲህ ነው። ጥፋት ለብቻው አያስከፍልም፤ ጉዳቱን ያመጣው እሱ መሆን አለበት። ማስረዳት ያለብን ደግሞ እኛ ነን። እርግጠኛ መሆን ባይጠበቅብንም፣ ሚዛኑ ከግማሽ በላይ ወደኛ ማጋደል አለበት።» እስክሪብቶው ተንኳኳ። «እና አሁን በደንብ አስቢ። በዚያ ጊዜ ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ማንኛውም ነገር?»

መኳንንት ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ። ዘመናይ በሚገባ ሰምታለች። ኮሶውም ወዲያው ትዝ ብሏታል።

ለጥምቀት ጥሬ ሥጋ በልታ ነበር፤ በወሩ ኮሶ ታያት። አያልነሽ፣ ኢስትሊ ውስጥ ምግብ ቤት ያላት፣ እንደ ታላቅ እህት የምታያት ጎረቤቷ፣ በሞያሌ በኩል ኮሶ አስመጥታ ሰጠቻት። የፊተኛው አልሻራትም። በቅበላው ሳምንት አያልነሽ ሁለተኛውን አጠንክራ ዘፈዘፈችው፤ ዘመናይም በባዶ ሆዷ ጨለጠችው። አገር ቤት «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሰው ሁሉ «ይሻርህ» ብሎ ያልፋል፤ የሚያሳፍርም የሚያስፈራም ነገር የለውም። እዚህ ግን፣ በዚህች ቶሎ ቶሎ በምትናገር ሴት ፊት፣ «ጥሬ ሥጋ በልቼ፣ ከሆዴ ትል ወጥቶ» ማለት ከበዳት። ደግሞስ ኮሶ ማንን አሳወረ? አባቷ በየሁለት ወሩ እየጠጡ ሰማንያ ዓመት አይተዋል።

«የለም» አለች።

መኳንንት ወጥተው ደረጃውን ሲያስወርዳት፣ «ቆየት ብለሽ መለስሽ እኮ» አላት።

«እያሰብኩ ነዋ። አስቢ አላለችም?»

ክሱ በ2006 ቢገባም ችሎት ላይ የደረሰው በ2008 ነው፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከተማው ከኬንያ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ታምሶ ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ዳኛዋ የሚባለውን ሁሉ በእጃቸው ነው የሚጽፉት። ዘመናይ መልካቸውን ባታውቅም ብዕራቸውን አወቀችው፤ ሲጽፍ ይንኮሻኮሻል፤ ሲቆም ጥያቄ ይመጣል።

መጀመሪያ የመሰከረችው ራሷ ናት። ካርዱን፣ ሦስቱን ክኒን፣ ስልኩን፣ ክሩን ተናገረች። የክሊኒኩ ጠበቃ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ እንደሚያስታምም ነበር የሚጠይቃት። «ከክኒኑ ሌላ የወሰድሽው ነገር አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ብዕሩ ተንኮሻኮሸ።

ቀጥላ አያልነሽ ተጠራች። ምስክር ተራው እስኪደርስ ውጭ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ አያልነሽ ዘመናይ ካለችው አንዲት ቃል እንኳ አልሰማችም። ጠበቃ ሙቲንዳ የጠራቻት የዘመናይ ዓይን ከክኒኑ በፊት ደህና እንደነበረ እንድትናገር ብቻ ነበር። አያልነሽ ግን ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ የቀረበላትን አጭር ጥያቄ በሰፊ ገበታ ነው የምትመልሰው።

«ዓይኗማ! ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህች ልጅ በድንግዝግዝ ክር ከመርፌ የምትሰካ ናት። በቅበላ ኮሶ ጠጥታ፣ ሰባት ጊዜ ወጥታ ገብታ፣ አንጀቷ ተገልብጦ፣ በማግስቱ ተነሥታ የኔን መርፌ የሰካችልኝ እሷ ናት! እኔ ጤነኛዋ መሰካት አቅቶኝ! እንዲህ ያለ ዓይን ነው ያጠፉት!»

መኳንንት ሌላ ጊዜ ምስክሩ አፉን ሳይዘጋ ነበር መተርጎም የሚጀምረው። አሁን ዝም አለ። ዘመናይ ምን እያሰበ እንደሆነ ገባት። ሊዘለው ይችላል። በዚህ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ወዳጆች።

«አስተርጓሚ?» አሉ ዳኛዋ።

መኳንንት በትክክል ለመተርጎም መጽሐፍ ይዞ ምሏል። ተረጎመው፤ ኮሶውንም፣ ሰባቱንም ጊዜ፣ ሁሉንም።

ብዕሩ ቆመ። «ምን ጠጥታ?»

ከዚያ በኋላ ያ ለስለስ ያለ ድምፅ ተነሣ። ኮሶ ምንድነው? ለምን ይጠጣል? ማን ሰጣት? ስንት ጊዜ? አያልነሽ ምንም ሳትጠረጥር፣ እንዲያውም እየተኩራራች መለሰች። «እኔው ነኝ በእጄ የለካሁላት። የፊተኛው ስላልሻራት ሁለተኛውን አጠንክሬ ነው የዘፈዘፍኩት፤ እጥፍ አድርጌ።» «ጾሙንስ ጾማለች?» «ይጠየቃል እንዴ! የንስሐ አባቷ ‹በሽተኛ አይጾምም› እያሉ ቢገዝቷት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ጠንካራ ሰው ናት!»

ሙቲንዳ እስክሪብቶ አላንኳኳችም።

በቀጣዩ ቀጠሮ የቀረበው የዘመናይ ወገን የዓይን ስፔሻሊስት፣ በጽሑፉ «መንሥኤው ከመጠን ያለፈ ኤታምቡቶል ነው» ብሎ የነበረ ሰው ነው። የክሊኒኩ ጠበቃ፣ «ይህን ሲጽፉ ስለ ኮሶው ያውቁ ነበር?» አለው።

«አልተነገረኝም።»

«ኮሶ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል?»

«በብዛት ሲወሰድ እንዳሳወረ በሕክምና ተጽፏል። ብርቅ ቢሆንም ያጋጥማል።»

«ረሃብስ? በሳምባ ነቀርሳ ለተዳከመ ሰው?»

«የቫይታሚን እጥረት ዓይን ይጎዳል።»

«አብሮት የምትውጠው ሌላው ክኒንስ?»

«እሱም አልፎ አልፎ።»

«ኤታምቡቶሉ በልኩ፣ ሁለት ሁለት ቢሰጣትስ?»

«በልኩም ቢሆን ከብዙ ሰው መሀል አንዳንዱን ይጎዳል።»

«እንግዲህ አምስት ሆኑ። ዓይኗን አይተው የትኛው እንደሆነ መለየት ይችላሉ?»

«አይቻልም። የተጎዳ ነርቭ በምን እንደተጎዳ አይናገርም። ከአምስቱ ዋናው ተጠርጣሪ ግን ከመጠን ያለፈው ክኒን ነው ብዬ አምናለሁ።»

«ከመቶ ስንት ይሰጡታል?»

ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ሐቀኛ መሆኑ ነው የጎዳት። «አርባ። ከዚያ በላይ አልልም።»

ሙቲንዳ በመጨረሻው ክርክሯ አልተኛችም። በእንግሊዝ አገር የታየ የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ክስ ጠቀሰች፤ ሳምባውን ያመመው አቧራ ከሁለት ቦታ የመጣ፣ አንደኛው በአሠሪው ጥፋት፣ ሌላኛው ያለ ጥፋት ነው፤ ሠራተኛው የትኛው እንደጎዳው ባይለይም ተፈርዶለታል፤ የአሠሪው ጥፋት ለጉዳቱ የማይናቅ ድርሻ አዋጥቷልና በቂ ነው ተብሎ። «እዚህም ክሊኒኩ ቢያንስ ድርሻ አለው፤ አደጋውን ጨምሯል» አለች። መኳንንት በጆሮዋ ሥር ይህን ሲያንሾካሹክላት ዘመናይ ያንን የማታውቀውን ሠራተኛ ወንድሟ ያህል ወደደችው።

ፍርዱ የተነበበው በ2009 መጋቢት ላይ ነው። ዳኛዋ ቀስ ብለው ያነባሉ፤ መኳንንት ደግሞ እሳቸውን እየተከተለ ያንሾካሹካል።

«ሐኪሙ ሳይመዝን ክብደት መጻፉ ቸልተኝነት ነው አሉ። ነርሷም ቀለም መለየት አቃተኝ ስትባል ወዲያው ማስቆም ነበረባት አሉ። ሁለቱም ጥፋት ነው አሉ፤ ሰማሽ ዘመናይ?»

ሰምታለች። እጁን ጨብጣ ያዘችው።

«...ግን...» አለ መኳንንት፤ ድምፁም ወረደ። «የፋብሪካው ሠራተኛ ላይ አንድ ዓይነት አቧራ ነው ከሁለት ወገን ተደማምሮ ሳምባው የገባው አሉ። እዚህ ግን የተለያዩ አምስት ነገሮች ናቸው፤ ተባብረው ይሁን አንዱ ብቻውን ያሳወራት ማንም አላሳየም። አደጋ መጨመር ማለት ጉዳት ማድረስ ማለት አይደለም አሉ። ከአምስቱ ትልቁ መሆንም ከአራቱ ድምር መብለጥ አይደለም አሉ፤ አርባ ከግማሽ አያልፍም። ስልኩንም... ኮሶው ከሆነ ያጠፋው፣ ነርሷ ክኒኑን ብታስቆመውም ዓይኗ ይሄድ ነበር አሉ።» ትንፋሹን ሳበ። «ክሱ ውድቅ ነው። ለደረሰባት እናዝናለን አሉ። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ይሸፍን አሉ።»

ኮሪደሩ ላይ የለስላሳው ድምፅ ጠበቃ መጥቶ እጇን ጨበጣት፤ «ፖሌ ሳና ማማ» አላት። አዛኝ እጅ ነበር፤ ሞቃት። ዘመናይ እጇን አውጥታ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

«ይግባኝ ማለት እንችላለን» አለች ሙቲንዳ። «ግን እንዳልዋሽሽ፣ አልመክርሽም።»

«ኮሶውን አስቀድሜ ነግሬሽ ቢሆንስ?»

ሙቲንዳ አሁን እስክሪብቶዋን አንኳኳች። «ስፔሻሊስቱን አስቀድሜ አዘጋጀው ነበር። ሃምሳ አምስት ይል ነበር ይሆናል። ወይም ያንኑ አርባ። አላውቅም ዘመናይ። እሱንም ማወቅ አይቻልም።»

ዘመናይ ከታወረች ወዲህ እንጀራዋን የምታገኘው በአያልነሽ ምግብ ቤት ጓዳ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት በመላጥ ነው። አያልነሽ በየጠዋቱ ከቤቷ እጇን ይዛ፣ በየጉድጓዱ ላይ «እዚህጋ ዝለይ፤ እዚህጋ ጭቃ ነው» እያለች ታመጣታለች፤ ማታም ትመልሳታለች። ከፍርዱ በኋላም ይህ አልተቋረጠም። ስለ ችሎቱ ግን ሁለቱም አያነሡም። ድሮ ከጓዳ እስከ ደጅ ይሰማ የነበረው የአያልነሽ ሳቅ ቀረ። አንድ ሰው ገብቶ «እትዬ አያልነሽ፣ ኮሶ ታይቶኝ ነበር፤ ይኖርሽ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ፋርማሲ ሂድ! እኔ ሐኪም ነኝ?» ብላ ጮኸችበት አሉ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ረፋድ፣ ደንበኛ ገና ሳይገባ፣ አያልነሽ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች። ዘመናይ ከአረማመዷ አወቀቻት። አያልነሽ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ዘሙዬ።»

«እመት።»

«እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አጠንክሬ የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። አፌን የከፈትኩትም እኔ ነኝ። አንዱ ባይሆን አንዱ...» ጠጋ አለቻት። «አንድ ነገር በይኝ። አንቺ አይደለሽም በይኝ።»

ዘመናይ የያዘችውን ሽንኩርት ላጠች። «ዳኛዋ የተማረ ሰው ጠርተው ያላወቁትን እኔ በምን ልወቀው፣ እትዬ?»

«እንደማታውቂውማ አውቃለሁ። ብቻ በይኝ።»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ብትለው የሚጎዳት ነገር የለም። ይህች ሴት አብልታታለች፤ አጥባታለች፤ አራት ዓመት እጇን ይዛ መርታታለች። ኮሶውንም የጠጣችው ማንም አስገድዷት አይደለም፤ የደበቀችውም ራሷ ናት። ይህን ሁሉ በሌሊት ስታወጣና ስታወርድ ኖራለች። ቢሆንም ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመስማት ችሎት ለችሎት ተጎትታ፣ ባዶ እጇን መመለሷ ታወሳት። «እናንተ ናችሁ» የሚል ካልተገኘላት፣ እሷ ከየት አምጥታ ነው «አንቺ አይደለሽም» የምትለው?

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ላይሆንም ይችላል።»

«ዘመናይ!»

«ከአምስቱ አንዷ ነሽ። የተጻፈው ይኼው ነው።»

አያልነሽ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ በሩን ከፈተች፤ ወደ ውጭ ለአስተናጋጇ ጠረጴዛ እንድትጠርግ ተናገረች፤ ድምፅዋ ደህና ነበር።

ማታ እንደ ወትሮው ልታደርሳት መጣች። ጉድጓዱን ነገረቻት፤ ጭቃውን ነገረቻት፤ ደረጃውን ቆጠረችላት። የያዘቻት ግን ከእጇ አልነበረም፤ በሁለት ጣት፣ ከሹራቧ እጅጌ ጫፍ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያው ነው የምትይዛት።